ያልተነገረን ዘመድ ከየት ይመጣል? የምላሽ ጽሑፍ

«ኦዲተር መርማሪ ፖሊስ አይደለም። ማኔጅመንቱ የተዛማጅ ወገኖችን ዝርዝር ይሰጠናል፣ በዝርዝሩ ያለውን እናያለን። ያልነገሩንን ዘመድ ከየት እናመጣለን?»

ሰሞኑን በእኛ ሙያ ሰዎች መካከል ሲዘዋወር የከረመው ጽሑፍ የሚጀምረው እንዲህ ብሎ ነው። ተዛማጅ ወገን የምንለው ከድርጅቱ ወይም ከኃላፊዎቹ ጋር በባለቤትነት ወይም በቤተሰብ የተሳሰረ ሰው ወይም ድርጅት ነው። አንብቤ ላልፈው ነበር። ሁለት ጀማሪ ኦዲተሮች «እውነቱን ነው እኮ» እያሉ ሲቀባበሉት ሳይ ግን አላስችል አለኝ። ጸሐፊውን አላውቃቸውም፤ ሥራውን የሠሩ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። አራት ነጥብ አንስተዋል። በሦስቱ አልስማማም፣ በአንዱ ግማሽ እውነት አላቸው።

እንግዲህ ከየት እናመጣለን ለሚለው፣ እኔ አንድ ጊዜ ያመጣሁት ከደረሰኝ ቁጥር ነው።

የአንድ ዱቄት ፋብሪካ ኦዲት ላይ ነበርን። ስሙ ይቅር፣ ቁጥሮቹንም ስሌቱ እንዲቀል አጠጋግቻቸዋለሁ። ፋብሪካው ስንዴ ከአርሲ በኩል ገዝቶ አዲስ አበባ ያስገባል። በዓመቱ 150 ሺህ ኩንታል ገብቷል። 120 ሺውን ያመላለሰው አንድ የትራንስፖርት ድርጅት ነው፣ የቀረውን 30 ሺህ ሁለት ሌሎች ድርጅቶች ተካፍለውታል። ማኔጅመንቱ የሰጠን የተዛማጅ ወገኖች ዝርዝር ላይ ሦስት ስም ብቻ አለ፤ ትልቁ ባለአክሲዮን፣ የእሱ ሌላ ድርጅትና ዋና ሥራ አስኪያጁ። ትራንስፖርተሩ የለበትም።

አብራኝ የነበረች ልጅ የትራንስፖርት ወጪውን ስትመረምር የዚያን ድርጅት ደረሰኞች በቀን ቅደም ተከተል ደረደረቻቸው። የመጀመሪያው ቁጥሩ 101 ነው፣ ከሐምሌ። የመጨረሻው 164 ነው፣ ከሰኔ። በፋይላችን ውስጥ ያሉት 62 ናቸው። ማለት ድርጅቱ ዓመቱን ሙሉ ከቆረጣቸው 64 ደረሰኞች 62ቱ የእኛ ደንበኛ ናቸው። የጎደሉት ሁለት ተበላሽተው የተሰረዙም ሊሆኑ ይችላሉ።

አስቡት። ተሳቢ ያለው ሰው ስንዴ አራግፎ ባዶውን አይመለስም፣ የመልስ ጭነት ይፈልጋል። ጨው ይሁን፣ ሲሚንቶ ይሁን፣ ለሌላ ሰው ጭኖ ለሌላ ሰው ደረሰኝ ይቆርጣል። ይሄኛው ግን ደንበኛው አንድ ብቻ ነው። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይደለም። መኪኖቹን ሙሉ በሙሉ ለአንድ ፋብሪካ ያኮናተረ ሰው ሊኖር ይችላል፣ ያ ሲሆን ግን ውል ይኖረዋል። እዚህ ውል የለም። ስለዚህ ገፋንበት።

ቀጥሎ ቲን ቁጥሩን ይዘን በንግድ ሚኒስቴር ድረ ገጽ የንግድ ፈቃዱን ፈለግን። የትራንስፖርት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ስም ወጣ። ማንም አያውቀውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከውጭ የመጡት የኦዲት ሶፍትዌሮች ዘመድ የሚፈልጉት ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ስም በማመሳሰል ነው። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም። ወንድምና እህት የአባትና የአያት ስም ይጋራሉ፤ ሁለቱም ከገጠሙ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አቅራቢው የደንበኛችን ሥራ አስኪያጅ ልጅ ከሆነ የአባቱ ስም ያለው ቦታ ላይ የሥራ አስኪያጁ የራሱ ስም ይመጣል። ሥራ አስኪያጇ ሴት ከሆነች ግን ልጆቿ በባሏ ስም ነው የሚጠሩት፣ ከእሷ ጋር በምንም አይገጥሙም። ሚስት ደግሞ የባሏን ስም አትይዝም። ስለዚህ የሚስትን ስም ከነአባቷና ከነአያቷ ሳይዙ የሚደረግ ፍለጋ ግማሹን ዘመድ ሳያይ ያልፋል። ይሄ ሳያንስ በሒሳብ ሶፍትዌሩ በፒችትሪ ላይ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚገባ አንዱ ሰው Hailemariam፣ Haile Mariam እና Hailemaryam ሆኖ ሦስት ቦታ ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ያደርገዋል። እኔ ዝርዝሩን አትሜ በዓይኔ ነው የማየው፣ ይሰለቻል ግን ይሠራል።

የሚስትን ስም ከየት እናመጣለን? ከባንክ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ለፋብሪካው ብድር የግል ዋስትና ገብተዋል፣ ባንኩም ሚስትየዋን በስምምነት አስፈርሟል። የብድር ውሉ ፋይላችን ውስጥ ነበር። ለወለዱ ስሌት አንብበነዋል፣ የመጨረሻውን ገጽ ግን ማንም አላየውም። ስሟ ከነአባቷና ከነአያቷ ተጽፏል። የትራንስፖርት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ የአባትና የአያት ስም ከእሷ ጋር አንድ ነው።

ወንድሟ ነው ማለት ነው? ገና። ሁለት የተለመዱ ስሞች ሊገጥሙ ይችላሉ። ሄደን ዋና ሥራ አስኪያጁን ጠየቅናቸው። «ልጄ፣ ትራንስፖርተር ነው። ዘመድ ምን አመጣው?» አሉኝ። የድርጅቱን የመመሥረቻ ጽሑፍ እንዲያስመጡልን በጽሑፍ ጠየቅን። እኛ የሦስተኛ ወገንን ሰነድ አስገድደን የምናወጣበት ሥልጣን የለንም፣ በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። መጠየቅ ግን እንችላለን፣ ሳይመጣ ከቀረ መቅረቱንም መዝግበን በኦዲት አስተያየታችን ላይ ምን ውጤት እንዳለው ማየት እንችላለን። ይህን ስንነግራቸው በዘጠነኛው ቀን መጣ።

ስለ ተዛማጅ ወገኖች የሚናገረው ዓለም አቀፍ የኦዲት ስታንዳርድ፣ አይኤስኤ 550፣ የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው። ማኔጅመንቱን ጠይቅ ይላል፣ ግን እዚያ አያቆምም። የባንክና የጠበቃ ማረጋገጫዎችን፣ የባለአክሲዮኖችንና የቦርድ ቃለ ጉባኤዎችን ስታነብ ያልተነገረህ ግንኙነት ምልክት እንዳለ ንቁ ሆነህ እይ ይላል። ለሌላ ሥራ የከፈትከውን ወረቀት በሌላ ዓይን ማየት ማለት እንጂ ፖሊስ መሆን አይደለም።

«ስታንዳርዱ የቅርብ ቤተሰብ ብሎ የዘረዘረው የትዳር ጓደኛን፣ ልጅንና ጥገኛን ነው። ወንድም የለም፣ አማች የለም። እኛ ለምን እንጨምራለን?»

ግማሽ እውነት ያልኩት ይሄን ነው። የሒሳብ አያያዝ ስታንዳርዱ አይኤኤስ 24 ላይ ያለው ዝርዝር በእርግጥ አጭር ነው። ጸሐፊው የዘለሉት ከዝርዝሩ በፊት ያለውን ዓረፍተ ነገር ነው። የቅርብ ቤተሰብ ማለት ከድርጅቱ ጋር ባለው ጉዳይ ያንን ሰው ተጽዕኖ ያደርግበታል ወይም ተጽዕኖ ያድርበታል ተብሎ የሚጠበቅ የቤተሰብ አባል ነው ይላል፣ ከዚያ «እነዚህን ይጨምራል» ብሎ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ በሩን አይዘጋም። ወንድምም አማችም እንደ ሁኔታው ሊገቡ ይችላሉ።

ሁሉም ይግባ ማለቴም አይደለም። እንደዚያ ከሆነ አዲስ አበባ ውስጥ የማይዛመድ አቅራቢ አይገኝም። አንድ የቦርድ አባል የሚጋሩ ሁለት ድርጅቶችም በዚያ ብቻ ተዛማጅ አይሆኑም፣ ይህንን ስታንዳርዱ ራሱ ለይቶ ተናግሯል። የሚታየው ተግባሩ ነው። ክፍያውን ማን ያጸድቅለታል? ሌላው አቅራቢ ወር ሲጠብቅ እሱ በማግስቱ ይከፈለዋል? ውል ሳይኖረው ይሠራል? እኛ ጋ የዚያን ትራንስፖርተር የክፍያ ማዘዣዎች ሁሉ ፋይናንስ ክፍሉን ዘለው ዋና ሥራ አስኪያጁ ብቻቸውን ፈርመውባቸዋል።

ደግሞ በአማች ላይ መከራከሩ በመጨረሻ አላስፈለገም። የመመሥረቻ ጽሑፉ ሲመጣ ወንድምየው 40 በመቶ አለው፣ 60 በመቶው የእህቱ፣ ማለትም የዋና ሥራ አስኪያጁ ሚስት ነው። ሚስት ዝርዝሩ ውስጥ አለች፣ የምትቆጣጠረው ድርጅትም ያለ ምንም ክርክር ተዛማጅ ወገን ነው። «አማች አይገባም» ብለን ወንድምየው ላይ ብናቆም ኖሮ እሷን አናገኛትም ነበር።

ሲገኝ ደግሞ ሥራው አያልቅም። ለቡድኑ ወዲያው ይነገራል፣ ምክንያቱም ሌላው ልጅ የቅድሚያ ክፍያ ሂሳቡን ያንን ስም ሳያውቅ እየመረመረ ነው። ማኔጅመንቱ ከዚያ ድርጅት ጋር ያለውን ግብይት በሙሉ እንዲያወጣ ይጠየቃል። ለምን እንዳልተነገረንም ይጠየቃል። ሆን ተብሎ የተደበቀ ከመሰለ እስከዚያ ድረስ «ማኔጅመንቱ ነገረን» ብለን የተቀበልነው ሌላው ነገር ሁሉ እንደገና ይታያል።

«ዋጋው በሦስት ፕሮፎርማ ተወዳድሮ ከገበያው ጋር ከተመሳሰለ ጣጣው አልቋል።»

ስለ ፕሮፎርማ ብዙም አልልም፣ ሁላችንም እዚሁ አገር ነው የምንኖረው። በዚያ ፋይል ውስጥ የነበሩት ሦስት ፕሮፎርማዎች «ኩንታል» የሚለውን ቃል ሦስቱም በአንድ ዓይነት ስህተት «ኩታል» ብለው ጽፈውታል። ማኔጅመንቱ ሰብስቦ የሰጠን ዋጋ ማወዳደሪያ አይሆንም። ወይ ኦዲተሩ ራሱ ደውሎ ይጠይቃል፣ ወይም የተሻለው፣ ፋብሪካው ራሱ በዚያው ዓመት ለማይዛመዱ ሰዎች የከፈለውን ያያል።

እኛ ያየነው 30 ሺህ ኩንታል ያመላለሱትን ሁለቱን ነው። ያው መንገድ፣ ያው ተሳቢ፣ 400 ኩንታል የሚጭን። ወር ከወር ጋር ነው ያመሳሰልነው፤ አዝመራው ሲሰበሰብ መኪና ይወደዳል፣ ነዳጅ ሲጨምርም ዋጋው ይለወጣል። የመስከረምን ዋጋ ከጥር ጋር ማወዳደር ራስን ማታለል ነው። ከሁለቱ አንዱ በአማካይ 188 ብር በኩንታል አስከፍሏል፣ ሌላው 192። የሚስትየዋ ድርጅት 190። ልክ መሐላቸው!

ጸሐፊው ቢሆኑ እዚህ ጋ ፋይሉን ይዘጉት ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁም «አያችሁ?» አሉን፣ ፈገግ ብለው።

ዋጋ ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች ሲዋዋሉ መቼ ይከፈላል፣ እቃ ቢጎድል ማን ይከፍላል የሚለውም የዋጋው አካል ነው። አይኤስኤ 550ም ዋጋውን ማወዳደር ይቀላል፣ የሚከብደው ሌላው የውል ሁኔታ ነው ብሎ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ሁለት ነገር ለየን።

አንደኛው የቅድሚያ ክፍያው ነው። ሁለቱ ሌሎች ድርጅቶች የሚከፈላቸው ካራገፉ በኋላ ነው። ይሄኛው ቅድሚያ ይወስዳል። ሰኔ 30 ላይ የቅድሚያ ክፍያ ሂሳቡ ዜሮ ነው፣ ስለዚህ የሒሳብ ሚዛኑን ብቻ የሚያይ ኦዲተር ምንም አያገኝም። የየወሩን ቀሪ ስናወጣ ግን በአማካይ 6 ሚሊዮን ብር እጁ ላይ ከርሟል። ሰኔ 28 በቼክ መለሰው፣ ሐምሌ 3 ተመልሶ ተከፈለው። ከዓመቱ መዝጊያ በኋላ ያለውን የባንክ ስቴትመንት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት የማያይ ሰው ይሄን አያይም። ፋብሪካው ራሱ ከባንክ የሚበደረው በ16 በመቶ ነው። የ6 ሚሊዮኑ ወለድ በዓመት 960 ሺህ ብር ይሆናል፣ ለ120 ሺህ ኩንታል ሲካፈል በኩንታል 8 ብር።

ሁለተኛው ጉድለቱ ነው፣ ዋናው ገንዘብ ያለውም እዚህ ነው። ስንዴው ሲጫን በመኪና ሚዛን ይመዘናል፣ ሲራገፍም ይመዘናል። ሁለቱ ሌሎች ድርጅቶች የጎደለውን ከሒሳባቸው ላይ ተቆርጦባቸዋል፣ ማዘዣዎቹ ላይ ይታያል። የሚስትየዋ ድርጅት ላይ ግን አንድም ቅናሽ የለም። ምናልባት አልጎደለበትም? ወደ ሚዛን ክፍል ወረድን። ሚዛኑ ላይ የሚሠራው ሰውዬ የጭነትና የማራገፊያ ወረቀቶችን በስቴፕል አያይዞ በካርቶን አስቀምጧቸዋል፣ አቧራ ለብሰው። 300 ጉዞ ነው፣ አንድ በአንድ ቀናነስን። ድምሩ 600 ኩንታል ጎድሏል። የት ገባ? «የምርት ብክነት» የሚል ሂሳብ ውስጥ፣ ከወፍጮው ብክነት ጋር ተቀላቅሎ። የትራንስፖርት ሂሳቡ ንጹሕ የሆነው ለዚህ ነው። አንዱን ኩንታል 5 ሺህ ብር ብንለው 3 ሚሊዮን ብር፣ በኩንታል ጭነት 25 ብር።

እንግዲህ 190 ላይ 8 እና 25 ሲጨመር 223 ብር ይመጣል። የሌሎቹ አማካይ 190 ነው። ልዩነቱ 33 ብር፣ በ120 ሺህ ኩንታል 3 ሚሊዮን 960 ሺህ ብር። ለዚያ ኦዲት የያዝነው የጉልህነት መጠን፣ ማለትም ስህተት ከዚያ ካለፈ የሪፖርቱን አንባቢ ውሳኔ ሊለውጥ ይችላል የምንልበት ልክ፣ 2 ሚሊዮን ነበር፣ ከግብር በፊት ከነበረው 40 ሚሊዮን ትርፍ 5 በመቶ። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ይሄም ዝቅ አድርገን አስልተን ነው፤ ሌሎቹ ካራገፉ በኋላ ሁለት ሳምንት መጠበቃቸው ለፋብሪካው የሚሰጠውን ጥቅም አልቆጠርንም።

ይህ ስሌት ሁሌ አይገኝም። ስንዴ ማመላለስ ለማወዳደር ቀላል ነው። ድርጅቱ ለባለቤቱ «የማኔጅመንት ክፍያ» ቢከፍል፣ ወይም መሀል ከተማ ያለ ቅርጹ የተለየ መጋዘን ከባለቤቱ ልጅ ቢከራይ፣ ማወዳደሪያ ማግኘት ፈተና ነው። ገማች ይቀጠራል፣ ግን ገማቹን ማን እንደመረጠውና ምን መረጃ እንደሰጠው መታየት አለበት። የመጋዘኑን ስፋት ከባለቤቱ አፍ ወስዶ የገመተ ገማች አይቻለሁ፤ ሜትር ይዘን ስንለካው አንድ ሦስተኛው ያልተጠናቀቀ ግንባታ ነበር።

«ማኔጅመንቱ 'በገበያ ዋጋ የተፈጸመ ነው' ብሎ የሒሳብ ሪፖርቱ ማብራሪያ ላይ ከጻፈና ደብዳቤውን ከፈረመ ኃላፊነቱ የእሱ ነው።»

የአሜሪካውን የኃይል ድርጅት የኤንሮንን በፈረንጆቹ የ2000 ዓመታዊ ሪፖርት ያየ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል። ድርጅቱ የገዛ የፋይናንስ ኃላፊው አንድሩ ፋስታው ከሚመራቸው ሽርክናዎች ጋር ስላደረገው ግብይት ማብራሪያ ቁጥር 16 ላይ ጽፏል። ስሙን ሳይጠራ «አንድ ከፍተኛ ኃላፊ» ብሎ ነው ያለፈው። ውሉም ከማይዛመዱ ሰዎች ጋር ሊደረግ ከሚችለው ጋር ሲነጻጸር ምክንያታዊ ነው ብሎ ማኔጅመንቱ ያምናል ተብሏል። ኦዲተሩ አርተር አንደርሰን ነበር። ታኅሣሥ 2001 በፈረንጆቹ ኤንሮን ለኪሳራ ጥበቃ አመለከተ።

የማኔጅመንት ማረጋገጫ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ የኦዲት ስታንዳርዱ ያዝዛል። ግን ለብቻው በቂ ማስረጃ አይደለም። የሚዛን ወረቀት ሌላ ነገር እየተናገረ እያለማ ጭራሽ። ደግሞ አይኤኤስ 24 ግልጽ ነው፤ ግብይቱ በማይዛመዱ ወገኖች መካከል ሊደረግ በሚችል ሁኔታ ተፈጽሟል ብሎ መጻፍ የሚቻለው ያ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። የማረጋገጡ ሸክም መጀመሪያ በማኔጅመንቱ ላይ ነው፣ ኦዲተሩ ደግሞ ያንን ማረጋገጫ ይፈትሻል። ካልተገኘ ዓረፍተ ነገሩ ይወጣል።

ጸሐፊው የረሱት ሌላም ነገር አለ። ስታንዳርዱ ከሚስት ድርጅት ጋር መሥራትን አይከለክልም። በውድ መግዛትንም አይከለክልም! የሚጠይቀው እንዲነገር ነው፤ ግንኙነቱ፣ የግብይቱ መጠን፣ ቀሪ ሒሳቡ፣ የውሉ ሁኔታ። ታክሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ታክስ ሰብሳቢው በተዛማጅ ሰዎች መካከል ያለን ዋጋ ማስተካከል ይችላል። የእኛ ጥያቄ ግን ይቀድማል፤ ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው፣ አበዳሪው ባንክም ሆነ ትንሹ ባለአክሲዮን፣ ያውቃል ወይስ አያውቅም?

የዱቄት ፋብሪካው ጉዳይ ቦርድ ፊት ቀረበ። ትልቁ ባለአክሲዮን ራሳቸው አያውቁም ነበር፣ ስለ ሚስትየዋ ድርሻ ማለቴ ነው። ወንድምየውን ያውቁታል፣ «የማን አማች እንደሆነ ማን ያጣዋል» ነው ያሉት። ለእኛ ግን ማንም አልነገረንም። ማብራሪያው እንደገና ተጻፈ፦ 22 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር የትራንስፖርት ክፍያ፣ በዋና ሥራ አስኪያጁ የትዳር ጓደኛ ቁጥጥር ሥር ላለ ድርጅት፣ ያለ ወለድ የሚሰጥ ቅድሚያ ክፍያ፣ የጉዞ ጉድለቱን ፋብሪካው የሚሸከምበት ሁኔታ። «በገበያ ዋጋ» የምትለዋ ሐረግ ወጣች። ዋና ሥራ አስኪያጁ ለዚያች ሐረግ ሁለት ቀን ተከራክረዋል፣ ለ22 ሚሊዮኑ ግን አንድም ቃል አልተነፈሱም።

በማግስቱ ዓመት ስንመለስ መጀመሪያ ያየነው ደረሰኞቹን ነው። የሚስትየዋ ድርጅት የለም። በሱ ቦታ አዲስ ትራንስፖርተር ገብቷል። የመጀመሪያው ደረሰኝ ቁጥር 1 ነው፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 3።